የጓደኛችን ምጣድና የእኛ ከተማ
(በማኅበራችን የኢዮቤልዩ በዓል ላይ በጁባ የቀረበ ንግግር)



የበዓሉ ኮሚቴ ስለ ንግድ ሥራችን ጥቂት ቃል እንድንናገር ሲጠይቀን፣ አብዛኞቻችሁ የምታውቁትን የዱቄት መጋዘናችንን አስቦ እንደሆነ ገብቶናል። እኛ ግን ተነጋግረን ስለ ሌላኛው፣ ከዚያ በፊት ከፍተን ስለ ዘጋነው እንጀራ ቤት ብንናገር ይሻላል አልን። ከመካከላችሁ ያን ጊዜ ከእኛ እንጀራ የገዙ፣ ከዚያም መግዛት ያቆሙ ወንድሞችና እህቶች እዚህ ተቀምጠዋል። አትሸማቀቁ፤ ያቆማችሁት በትክክል ነበር። (ከዚህ በኋላ የምንጠራቸው ዓመታት ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።)

እኛ ስንል ሦስት ሸሪኮች ነን። ሁለታችን ባልና ሚስት፣ ሦስተኛው የእቁብ ጓደኛችን ነው። ከ2005ቱ የሰላም ስምምነት በኋላ ወደዚህ ከተማ ከመጡት ብዙ ኢትዮጵያውያን መካከል ነን፤ ስንመጣ በሆቴል ቤት ተቀጣሪ ሆነን ነበር የጀመርነው። በ2015 መጀመሪያ የሁለት ዙር እቁብ በእጃችን ገባ። በዚያው ወር ናይሮቢ ለዘመድ ሠርግ ሄድንና የድሮ ጓደኛችንን እንጀራ ቤት አየን።

ያየነውን እንንገራችሁ። ኢስሊ ውስጥ በአንድ ፎቅ ምድር ቤት ስድስት የኤሌክትሪክ ምጣድ ደርድራለች። አራት ጋጋሪዎች አሉ። ከሌሊቱ አሥር ሰዓት ተጀምሮ ከቀትር በኋላ ድረስ ምጣዱ አይቀዘቅዝም፤ በቀን እስከ 1,200 እንጀራ ይወጣል። ለምግብ ቤቶችና ለሱቆች ታከፋፍላለች። ገንዘቧን በወር መጨረሻ እየዞረች ትሰበስባለች። እኛ ሁለት ቀን አብረናት ውለን፣ የሊጡን መጠን፣ የዱቄቱን ዋጋ፣ የሠራተኛውን ደሞዝ፣ ሁሉንም ጻፍን። አንዲት ነገር አልደበቀችንም። ይህን አስቀድመን የምንናገረው በኋላ ስንከስር ለጥቂት ወራት እሷን ጠርጥረናት ስለነበር ነው። «የሆነ ምስጢር አስቀርታብናለች» እንባባል ነበር። ምስጢር አልነበራትም። የእሷን ንግድ የተሸከሙት ነገሮች እሷም ራሷ የማታያቸው፣ እንደ አየር በዙሪያዋ ያሉ ነገሮች ነበሩ። ሰው የለመደውን ነገር ቁጥር ውስጥ አያስገባውም።

እኛም የጻፍነውን ቁጥር ይዘን መጣንና ሦስት ምጣድ፣ አንድ ጀነሬተር፣ ስድስት የሊጥ በርሜል ገዛን። በቀን 400 እንጀራ እንሸጣለን ብለን አሰብን። ከእቁባችን በላይ ከሁለት አዛውንት አባሎቻችን ተበድረናል። የአንደኛው ገንዘብ ለልጃቸው ትምህርት የተቀመጠ ነበር።

መጀመሪያ የከዳን ሊጡ ነው።

ጋጋሪያችን ሙያዋ የተመሰከረላት ሴት ናት፤ አዲስ አበባ ሃያ ዓመት ጋግራለች። በለመደችው መንገድ አቡክታ፣ እርሾ ጨምራ፣ ለሁለት ቀን ልታስቀምጠው ከደነችው። በማግስቱ ማታ ከፍታ ስታየው አረፋው ተነሥቶ ወድቋል፤ ሽታው እንደ ኮምጣጤ አፍንጫ ይወጋል። አብሲት ጥላ ብትሞክረውም ኩፍ አላለም። ምጣድ ላይ ሲፈስ ዓይን አላወጣም፣ ያወጣውም ተደፈነ፣ ጫፉ ምጣዱን ይዞ ተቀደደ።

ነገሩ ከሙያ አይደለም፣ ከከፍታ ነው። አዲስ አበባ ከባሕር ወለል በላይ ወደ 2,350 ሜትር ላይ ነች። ናይሮቢ 1,700 ሜትር ገደማ፤ ሌሊቱ ብርድ ልብስ ያስፈልገዋል። ጁባ 550 ሜትር አካባቢ ነች፤ በመጋቢት ቀኑ 37 እና 38 ዲግሪ ይደርሳል፣ ሌሊቱም ከ23 ብዙ አይወርድም። እርሾ ሕይወት ያለው ነገር ስለሆነ በሙቀት ይፈጥናል፤ አዲስ አበባ በሦስት ቀን የሚደርሰው ሊጥ እዚህ በአንድ ሌሊት ይደርስና ማንም ሳያየው ያልፋል። ናይሮቢ ያለችው ጓደኛችን ለሊጥ ማቀዝቀዣ አንድ ሽልንግ አታወጣም፤ ሌሊቱ በነፃ ያቀዘቅዝላታል። እኛ ከእሷ የቀዳነው ወረቀት ላይ «ሌሊት» የሚል መደብ አልነበረም።

ይህኛውን ችግር በሁለት ወር ፈታነው፤ ዘዴውን ለሚፈልግ እነሆ። እርሾውን ከሦስት እጅ አንድ እጅ አደረግነው። ማቡካቱን ከጠዋት ወደ ማታ አዞርነውና አብሲቱን ከሌሊቱ ዘጠኝ ሰዓት ጥለን ጎህ ሲቀድ መጋገር ጀመርን። በርሜሉን በረጠበ ጆንያ ጠቀለልነው፤ ውሃው ሲተን ሙቀቱን ይዞ ይሄዳል። ጆንያው ግን በበጋ ብቻ ነው የሚሠራው። ዝናብ ሲገባ አየሩ ራሱ እርጥብ ስለሆነ ውሃው አይተንም፤ ያኔ ሊጡን በትንሽ በትንሹ፣ ሁለት ጊዜ ከፍሎ ከማቡካት ሌላ መላ አላገኘንም።

የተጋገረውም ቢሆን ችግር ነበረው። አዲስ አበባ ሦስትና አራት ቀን የሚቆይ እንጀራ እዚህ በሁለተኛው ቀን ይሻግታል፤ ትኩሱን ደራርበው በፌስታል ካሰሩትማ በላቡ ምክንያት ከዚያም ይቀድማል። ስለዚህ የዛሬን ትርፍ ለነገ ማሳደር አይቻልም። 300 ጋግረን 180 ከሸጥን 120ው ኪሳራ ነው። ጓደኛችን ያልተሸጠባትን እንጀራ በማግስቱ ጠዋት ለሱቆች በቅናሽ ትሸጣለች። እኛ ያንን መውጫ አጥተን ትርፉን በፀሐይ እያደረቅን ድርቆሽ አደረግነው። በነገራችን ላይ ይህ ድርቆሽ በኋላ ከጠበቅነው በላይ ጠቅሞናል፤ በበጋ ወራት እንዲህ ያለ ፀሐይ ናይሮቢ ላይ የለም። ነገር ግን ድርቆሽ ሸጦ የምጣድ ዕዳ መክፈል አይቻልም።

ሁለተኛው የከዳን መብራት ነው፤ እዚህ ላይ ትንሽ ሒሳብ ታገሡን።

አንድ የኤሌክትሪክ ምጣድ ወደ 4 ኪሎ ዋት የሚጠጋ ኃይል ይፈልጋል። ጎበዝ ጋጋሪ በአንድ ምጣድ በሰዓት 20 ያህል እንጀራ ታወጣለች። ናይሮቢ ገመዱ ከግድግዳው ይወጣል፤ በወሩ ሒሳብ ይመጣል። ጁባ በ2015 የከተማው መብራት ለስሙ እንጂ አልነበረም፤ ሁላችንም በጀነሬተር ነበር የምንኖረው። መካከለኛ ጀነሬተር ከአንድ ሊትር ናፍጣ 3 ኪሎ ዋት ሰዓት ገደማ ያወጣል። ሦስቱ ምጣድ አብረው ሲሠሩ በሰዓት 12 ኪሎ ዋት ሰዓት፣ ማለትም 4 ሊትር ይጠጣሉ፤ 60 እንጀራም ይወጣል። ስለዚህ አንድ ሊትር ናፍጣ 15 እንጀራ ይጋግራል ማለት ነው። እስከዚህ ድረስ ከመጀመራችን በፊትም አስልተነው ነበር፤ ዋጋው ከበድ ቢልም ያዋጣል ብለን ነበር።

ያላሰላነው ትእዛዝ ሲቀንስ የሚሆነውን ነው። ጀነሬተሩን የገዛነው ለሦስት ምጣድ ስለሆነ ትልቅ ነበር። ትእዛዙ 120 ሲሆን ጋጋሪያችን ለጥራት ስትል በአንድ ምጣድ ብቻ፣ ቀስ ብላ፣ ስድስት ሰዓት ትጋግራለች። ትልቅ ጀነሬተር በትንሽ ጭነት ሲሠራ ግን ናፍጣው በጭነቱ ልክ አይቀንስም፤ ራሱን ለማሽከርከር ብቻ ብዙ ይጠጣል። በበርሜሉ ላይ ምልክት እያደረግን ስንለካው በአንድ ሊትር ከ10 እንጀራ በላይ አላገኘንም። ደንበኛ ሲያንሰን የእያንዳንዱ እንጀራ ወጪ ጨመረ ማለት ነው፤ ሥራው ሲቀዘቅዝ ወጪው ያቃጥላል። ናፍጣ ከከተማው በሚጠፋበት ሳምንት ደግሞ ጭራሽ አንጋግርም፤ ለምግብ ቤት አንድ ቀን እንጀራ ማስቀረት ማለት ደንበኛን ለዘለዓለም ማጣት ነው።

እንዲህም ሆኖ በሊጡና በናፍጣው ብቻ ቢሆን ምናልባት እንቆም ነበር። የጣለን ሦስተኛው ነው፤ እሱም የሰው ነገር ነው።

ከመክፈታችን በፊት እያንዳንዱን የኢትዮጵያ ምግብ ቤት ዞረን «ጥሩ እንጀራ ብናመጣላችሁ ትገዛላችሁ?» ብለን ጠይቀን ነበር። ሁሉም «እሺ፣ በደስታ!» አሉን። ቡናም ጋበዙን። እኛ ይህን እንደ ትእዛዝ ቆጠርነው። ነገር ግን አገር ቤት ያደገ ሰው የወገኑን ፊት እያየ «አልገዛም» እንደማይል እኛም እናውቅ ነበር። «እሺ» ያሉን ስላከበሩን ነው። ከ14ቱ «እሺ» ባዮች በመጀመሪያው ሳምንት የገዙት 9 ናቸው፤ በሦስተኛው ወር የቀሩት 4።

ለምን ተውን? ናይሮቢ ያለ ምግብ ቤት ቦታው ጠባብ ነው፣ ኪራዩ ውድ ነው፣ ምጣድ ካስገባ ጭሱንና ሙቀቱን የፎቁ ባለቤት አይወድም፤ ለአንድ ጋጋሪ ደሞዝ ከሚከፍል ከጓደኛችን ቢገዛ ይረክሰዋል። ጁባ ያለው ምግብ ቤት ግን ሰፊ ግቢ አለው። ጓሮው ላይ በእንጨትና በከሰል የሚነድ የሸክላ ምጣድ አለ። ጋጋሪዋ እዚያው ግቢ ታድራለች፤ ከጋገረች በኋላ ወጥ ትሠራለች፣ ቡና ታፈላለች። እንጀራ ከእኛ ቢገዙም ደሞዟ አይቀርላቸውም። በዚያ ላይ እንግዳው ወደዚያ ቤት የሚሄደው ለዚያች ሴት እንጀራ ነው። ጓደኛችን ለናይሮቢዎቹ ሸክም ታወርድላቸዋለች፤ እኛ ግን ለጁባዎቹ ያልከበዳቸውን ነገር ልንቀበላቸው እጃችንን ዘርግተን ቆመን ነበር።

የዱቤው ጉዳይ ደግሞ መጨረሻውን አፋጠነው። ከጓደኛችን እንደቀዳነው በወር መጨረሻ ነበር የምንሰበስበው። ጤፉን የምንገዛው በዶላር፣ እንጀራውን የምንሸጠው በፓውንድ ነው። በ2015 መንግሥት ዶላሩን በባንክ 3 ፓውንድ በማይሞላ ዋጋ ይዞት ነበር፤ መንገድ ላይ ግን ዓመቱን ሙሉ ሽቅብ ሲወጣ ከረመ። በዲሴምበር 15 ባንኩም ለቀቀውና 18 ገደማ ገባ። አስቡት፤ ዶላሩ በመንገድ 10 ፓውንድ ሲሆን የ1,000 ፓውንድ እንጀራ በዱቤ ሰጠን እንበል። 100 ዶላር ነው። በወሩ ሲከፈለን ዶላሩ 12 ቢገባ ያው 1,000 ፓውንድ 83 ዶላር ሆነ። ትርፋችን ከመቶ አሥር ነበር፤ ከመቶ አሥራ ሰባቱን ወሩ ራሱ በላው። ደንበኛው አላታለለንም፤ ያለበትን ሳያጎድል በቀኑ ከፍሏል። ደብተራችን ላይ ሁልጊዜ ትርፍ ይታይ ነበር፤ ጤፍ ልንገዛ ስንሄድ ነበር ገንዘቡ የሚያንሰን። ይህን ምልክት ያየ ሰው ቶሎ ይንቃ፤ ደብተሩ ትርፍ እያለ መጋዘኑ ከወር ወር ካነሰ፣ ካፒታሉ እየተሸጠ ነው።

በፌብሩዋሪ 2016 ዘጋን። ጋጋሪያችንን አሰናበትናት፤ ሦስት ልጆች አገር ቤት ታስተምር ነበር። ለአዛውንቱ ሄደን ዕዳችንን በየወሩ ጥቂት ጥቂት እንደምንከፍል ስንነግራቸው «እናንተ ልጆቼ ናችሁ፣ አትጨነቁ» አሉን። ከተቆጡን ይልቅ ይህ ከበደን።

ከዚያ አንድ ምሽት ለናይሮቢዋ ጓደኛችን ስልክ ደወልን። ከወራት ኩርፊያ በኋላ መሆኑ ነው። ሁሉንም ነገርናት። ዝም ብላ ሰምታ አንድ ጥያቄ ብቻ ጠየቀችን፤ «ለመሆኑ ደንበኞቼ እኔን ትተው ቢሄዱ ምን የሚቸገሩ ይመስላችኋል?» አለችን። «እንጀራ ያጣሉ» አልናት። ሳቀች። «እንጀራማ ኢስሊ ሙሉ ነው። የሚያጡት እርግጠኛነትን ነው። ጠዋት አንድ ሰዓት ላይ፣ አንድ ዓይነት እንጀራ፣ ሳይደውሉና ሳይለምኑ በር ላይ ይደርሳል። ብላሽ ከሆነ ሳልከራከር እመልሳለሁ።»

የንግዷ ሐሳብ ይህ ነበር። ምጣዱ ሐሳቧን በናይሮቢ የምትፈጽምበት መሣሪያ ብቻ ነው። እኛ መሣሪያውን ገዝተን ሐሳቡን እዚያው ትተነው መጣን።

እንደገና ወደ ምግብ ቤቶቹ ዞርን፤ አሁን ግን «ትገዛላችሁ?» ብለን አልጠየቅንም። «ባለፈው ወር ምን ጎደለባችሁ? የጎደለ ቀን ምን አደረጋችሁ? ስንት ከፈላችሁ?» አልን። እንዲህ ያለ ጥያቄ «እሺ» ተብሎ አይመለስም። የሆነውን መናገር ግድ ይላል። በተለይ ባለቤቶቹን ትተን ጓሮ ያሉትን ጋጋሪዎች ጠየቅን። ሁሉም የተለያየ ቃል ይዘው አንድ ነገር ተናገሩ፦ ዱቄቱ። ጤፍ እንደልብ አይገኝም፤ ኢትዮጵያ በ2006 የጤፍ እህልና ዱቄት ወደ ውጭ እንዳይወጣ ከከለከለች ወዲህ የሚደርሰን በየሰው እጅ ተንጠባጥቦ ነው። የመጣውም ጆንያ በየጊዜው ይለያያል። አንዱ አሸዋ አለበት። አንዱ ከምን ጋር እንደተደባለቀ አይታወቅም። «የዛሬ ሳምንት በዚህ ውሃ አምሮ የወጣ ሊጥ ዛሬ በዚያው ውሃ ይቀጥናል፤ እኔ ነኝ የምሰደበው» አለችን አንዷ።

ሸክሙን አገኘነው። ናይሮቢ ላይ የሚከብደው መጋገር ነው፤ ጁባ ላይ የሚከብደው አንድ ዓይነት ዱቄት ማግኘት ነው።

ምጣዶቹንና ጀነሬተሩን ሸጥን። በዚያ ገንዘብ ትንሽ መጋዘን ተከራይተን፣ ሚዛን ገዝተን፣ እህል አስፈጭተን እየመጠንን የተደባለቀ ዱቄት በ25 ኪሎ ከረጢት ማቅረብ ጀመርን። ያሰናበትናትን ጋጋሪ መልሰን ጠራናት፤ አሁን ሥራዋ መቅመስና መፍረድ ሆነ። አዲስ ጆንያ ሲገባ አንድ ማንኪያ ዱቄት በብርጭቆ ውሃ ታማስላለች። ደቃቅ አሸዋ ካለው ጥቂት ቆይቶ ሥሩ ላይ ይቀመጣል፤ በጥርስም ታረጋግጠዋለች። ከዚያ ትንሽ ሊጥ አቡክታ በማግስቱ አምስት እንጀራ ትጋግራለች። እሷ «ይውጣ» ሳትል ምንም ዱቄት ከመጋዘን አይወጣም።

ድብልቁ ላይ ብዙ ደከምን። ጓደኛችን ጤፉን ታበዛለች፤ ምክንያቱም እንጀራዋ ሱቅ ውስጥ ሁለት ቀን ስለሚቀመጥ ለስላሳ ሆኖ መቆየት አለበት፣ ማሽላ የበዛበት ደግሞ ሲያድር ይደርቅና ይሰነጠቃል። የእኛ ደንበኞች ግን ጠዋት ጋግረው ማታ ይጨርሳሉ። ሦስተኛው ቀን ላይ ለሚሆነው ልስላሴ ገንዘብ የሚከፍሉበት ምክንያት የላቸውም። ስለዚህ ሁለት እጅ ጤፍና አንድ እጅ ማሽላ በቃቸው፤ ከዋጋውም ብዙ ወረደ። ማሽላው ነጭ መሆን አለበት። ቀዩን አንድ ጊዜ በርካሽ አግኝተን ብንሞክረው እንጀራው ጠቆረ፣ መረረም፤ ስምንት ከረጢት ሳንከራከር መልሰን ወሰድን። ይህችን «ሳንከራከር» የምትለውን ከጓደኛችን እንዳለች ወስደናል። እንደዚሁ ሰኞ ጠዋት ሁለት ሰዓት ላይ በር ማንኳኳትን ወስደናል፤ ዝናብም ቢሆን።

ዱቤዋን ግን ትተናል። መጀመሪያ አምስት ቤቶችን ብቻ ይዘን ለአንድ ወር ሞከርን፤ ዋጋው በዕለቱ ዶላር ይታሰባል፣ በፓውንድ ይከፈላል፣ በእጅ በእጅ። ሁለቱ «ወገን ለወገን እንዴት ዱቤ ይከለክላል?» ብለው ተቀየሙን። አንደኛው ቀርቷል፣ ሌላኛው ከሁለት ወር በኋላ ተመልሷል። ሲመለሱ ወቀሳ አላነሳንም።

ሁሉ ነገር ተስተካከለ ማለት አይደለም። በጁላይ 2016 ከተማው ሲታወክ ከግማሽ በላይ ደንበኞቻችን ዘግተው ሄዱ፤ እኛም ወራት ዘጋን። ያን ጊዜ ያተረፈን መሣሪያ ስላልነበረን ነው፤ ዱቄት ይሸጣል፣ ይሰጣል፣ ይበላል፤ ጀነሬተርና ሦስት ምጣድ ቢኖረን ተዘርፎ ወይም ዝጎ ይቀር ነበር። ዱቄትም የራሱ ጣጣ አለው። በዝናብ ወራት ነቀዝ ይገባዋል፤ ከአራት ሳምንት በላይ የሚበቃ አስፈጭተን አናስቀምጥም፣ ጆንያውም ከወለሉ በሳንቃ ከፍ ብሎ ከግድግዳው ይርቃል። መንገድ ሲዘጋ ጤፍ ይጠፋል፤ ያን ሳምንት ድብልቁን ደብቀን ከመቀየር «ማሽላው በዝቷል፣ ዋጋው ቀንሷል፣ ውሃ ቀንሱ» ብለን በከረጢቱ ላይ እንጽፋለን። ከ2019 ወዲህ የከተማው መብራት ወደ ብዙ ሰፈር ገብቷል፤ «አሁን ምጣዱን አትመልሱም ወይ?» የሚሉን አሉ። በቆጣሪው ዋጋ አስልተነዋል፤ ጓሮ ያለችው ጋጋሪ ግን አሁንም ጓሮ ናት፤ ስለዚህ አንመልስም። የአዛውንቱን ዕዳ ግን በ2018 ጨርሰናል፤ ልጃቸውም ተመርቋል።

አንድ ነገር ብቻ ጨምረን እንቀመጥ። ከሁለት ዓመት በፊት ከእቁባችን አንድ ወጣት ወደ ካምፓላ ሊሄድ ሲነሣ «የእናንተን የዱቄት ሥራ እዚያ ልክፈት፣ ደብተራችሁን አሳዩኝ» አለን። ደብተሩን አሳየነው፤ ግን መጀመሪያ ሁለት ሳምንት ካባላጋላ ሄዶ እንዲቀመጥና ከዱቄት ነጋዴዎች ይልቅ ጋጋሪዎቹን እንዲጠይቅ ለመንነው። ሄደ፣ ጠየቀ። ዱቄት የሚያቀርቡ ሱቆች ብዙ ናቸው፤ ጋጋሪዎቹ በዱቄት አያማርሩም፤ ሌሊቱም ከእኛ ይልቅ ቀዝቃዛ ስለሆነ ሊጥ አያስቸግርም። የእኛ ሥራ እዚያ ሥራ አይደለም። ነገር ግን እዚያ ሲዞር ነጭ ማሽላ በሰሜን ኡጋንዳ ገበያዎች በምን ዋጋ እንደሚሸጥ አየና ደወለልን። ዛሬ በኒሙሌ በኩል፣ በ192 ኪሎ ሜትሩ አስፋልት፣ በወር ሁለት ጊዜ ማሽላችንን የሚልክልን እሱ ነው። ገበያው ላይ ሳይገዛ በፊት አንድ እፍኝ በጥርሱ ያኝካል፤ ይህን ያስተማረችው ጋጋሪያችን ናት፤ እሷም ዛሬ እዚህ አለች፣ ከኋላ ተቀምጣለች።